የ40 ደቂቃ ንግግር አንድ ገጽ ላይ እንዴት ይለጠፋል?

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ዛሬ ሐሙስ የካቲት 27 ሥራ አስኪያጃችን ሠራተኛውን ካፍቴሪያ ሰብስበው 40 ደቂቃ ያህል ተናገሩ። እኔ ጥግ ይዤ ማስታወሻ ስይዝ ነበር። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥተው ያልኩትን አሳጥረሽ ነገ ቦርድ ላይ ለጥፊው አሉኝ። ደብተሬ ላይ ስድስት ገጽ ጽሑፍ አለ። ከአመሰገኑበት ጀምሮ ኮንቴይነሩ ሞጆ ላይ ስለመዘግየቱ፣ ስለ ሰርቪስ፣ ስለ ኦቨርታይም፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ቦነስ ሁሉም አለበት። ማታ ቁጭ ብዬ ያወጣሁት ይሄ ነው፦

እንደሚታወቀው ድርጅታችን ባለፈው ወር ያጋጠመውን የጭነት መዘግየት ለመቅረፍና ከደንበኞቻችን ጋር ያለንን መልካም ግንኙነት ለማስቀጠል ሲባል ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ሁሉም ሠራተኞች በቀን ሁለት ሰዓት ኦቨርታይም እንዲሠሩ፣ ሰርቪስም ጠዋት 6፡40 ላይ እንዲነሳ የተወሰነ ሲሆን በወሩ መጨረሻ ቦነስ የሚሰጥ መሆኑን እየገለጽን ሁሉም ሠራተኛ ከወዲሁ ተገቢውን ዝግጅት እንዲያደርግ እናሳስባለን።

ስድስት ገጽ አምስት መስመር ሆነልኝ። ይበቃል? ወይስ ከዚህም ይጠር?

ሐሙስ ማታ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያስቀመጥኩት ጥያቄ ይሄ ነበር። መልሱ በአንድ ሌሊት ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅሁም። ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አባባል ላስቀምጠው።

1ኛው መልስ አጭርና ደግ ነበር። ጥሩ ተጽፏል፣ እናሳስባለን የሚለው ብቻ ስለሚከብድ እንገልጻለን ይሁን አለኝ። ደስ ብሎኝ ልተኛ ነበር።

2ኛው ጥያቄዬን ሳይረዳው ቀረ። አለቃዬን እንዴት አጭር ንግግር ላስለምዳቸው ብዬ የጠየቅሁ መስሎታል። የእሱ አለቃ በየሰኞው ፀሐይ ላይ አቁመው እንደሚናገሩ፣ አንድ ቀንም አንዲት ልጅ ራሷን ስታ እንደወደቀች ነገረን። ያሳዝናል፤ ለእኔ ማስታወቂያ ግን የሚሆን ነገር የለውም።

3ኛው ቃላቱን ቆጥሯቸዋል። አምስቱም መስመር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ 45 ቃል። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 15 ቃላት ምንም አያዙም፣ ምንም አይነግሩም። ቦርድ ፊት የሚቆም ሰው ደግሞ ለመግባት ተሰልፎ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ፣ ከኋላው እየተገፋ ነው የሚያነበው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰውየው እስከ ጫፍ ካልደረሰ ይደረጋል ይሁን አይደረግም አያውቅም አለ። ይሄን አንብቤ የራሴን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩት። መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን 4ኛው መልስ ነው። የጻፉት አንዲት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። በጽሕፈት ሥራ 27 ዓመት ቆይተዋል፤ ከታይፕ ዘመን ጀምሮ። መጀመሪያ የተናገሩት ማጠር የሚለውን ሐሳብ እንድተወው ነው። እሳቸው ንግግር አሳጥረው አያውቁም። ማስታወሻቸውን መስመር በመስመር እያነበቡ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ያነሳሉ፦ ይሄን የሰማ ሰው ሰኞ ዕለት ከወትሮው የተለየ ምን ያደርጋል? መልስ ያለውን መስመር በእስክሪብቶ ያከብቡታል። መልስ የሌለውን ይተዉታል፤ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን። ምስጋናው ካፍቴሪያ ውስጥ ተሰምቶ ሥራውን ጨርሷል፤ ወረቀት ላይ መውጣት የለበትም ባይ ናቸው።

ከዚያ የተከበበውን አንድ በአንድ ይጠይቁታል። ማንን ይመለከታል? ማንን አይመለከትም? ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ? ያልገባው ሰው ማንን ይጠይቅ? መልሱ ማስታወሻው ውስጥ ከሌለ ባዶ ቦታ ይተዉለታል። ባዶ ቦታዎቹን ብቻ ይዘው ወደ አለቃቸው ይገባሉ፤ ረቂቁን አያሳዩም። ረቂቅ ያየ አለቃ ቃላት ሲያሳምር ይውላል፣ ባዶ ቦታ ያየ ግን ይሞላል ነው ምክንያታቸው።

ሌላም አሉ። ንግግር ሲጠር ቶሎ የሚጠፉት ትልልቆቹ ነገሮች አይደሉም። ትንንሾቹ ናቸው። ከሆነ፣ በስተቀር፣ ድረስ። ስለዚህ ረቂቄን ትቼ ደብተሬን እንድከፍትና እነዚህን ቃላት ብቻ እንድፈልግ ነገሩኝ።

ከፈትኩ። 5ኛው መልስ የራሴ ነው፤ ያገኘሁትን ለእሳቸው የጻፍኩበት። ቦነስን በተመለከተ በራሴ እጅ ጽሑፍ የተቀመጠው እንዲህ ይላል፦ ጭነቱ በቀኑ ከወጣ የቦነስ ነገር እናያለን። እኔ ግን ቦነስ የሚሰጥ መሆኑን እየገለጽን ብዬ ጽፌያለሁ። ቅድመ ሁኔታው ያለው ከወጣ የሚለው ቃል ላይ፣ አንዲት ከ ውስጥ ነው። እናያለን ማለትም እንሰጣለን ማለት አይደለም። ማኅተም ተመቶበት ቢለጠፍ ኖሮ 600 ሰው በወሩ መጨረሻ ቦነሱን ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። መብቱም ነው፤ ወረቀቱ ይሰጣል ይላላ።

ሁለተኛው ደግሞ አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነበር። ሰው እየተንጫጫ ሥራ አስኪያጁ በጎን ያሏት ነገር ናት፦ ነፍሰ ጡሮችን አይመለከትም። የእኔ ረቂቅ ሁሉም ሠራተኞች ይላል፣ ያውም ሁለት ጊዜ።

6ኛዋ መላሽ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ናት። የእሷ መልስ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ማታ በምን ወደ ቤቴ እገባለሁ ብላ ጠየቀች። ኦቨርታይም የሚል ወረቀት ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትፈልገው የመመለሻ ሰርቪሱን እንጂ ገንዘቡን እንዳልሆነ፣ ባለፈው ዓመት ይሄ ሳይጻፍ ቀርቶ የመጀመሪያው ቀን ማታ ከጓደኞቿ ጋር በጨለማ አስፋልት ላይ ቆማ እንደነበር ጻፈች። ደብተሬን አየሁ። የማታው ሰርቪስ 1፡15 እንደሚነሳ ተነግሯል። እኔ ጥዬዋለሁ። ለምን? እኔ ኦቨርታይም ስለማልሠራ ነዋ። አልታየኝም።

7ኛው ላይ ነገሩ መሞቅ ጀመረ። አንድ አባት፣ ብዙ ዓመት የአስተዳደር ኃላፊ የነበሩ፣ ክፍያው መጻፍ እንዳለበት ነገሩኝ። ይሄ ትክክል ነው። ሠራተኛ ሰዓቱን አይቶ ሒሳቡን ካላየ ጥርጣሬ ይገባዋል። ግን ክፍያው የሰዓቱ ደመወዝ አንድ ከሩብ እጥፍ ነው ብለው ጨመሩ። አሠሪ ሥራ ሲበዛበት ማንንም ማዘዝ ስለሚችል የነፍሰ ጡሮቹን ነገር ለየክፍል ኃላፊው ትተሽ ዝም በይ አሉኝም።

8ኛው ከሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ነው፤ ቃሉም ሰላ ያለ ነበር። አንድ ከሩብ የድሮው አዋጅ፣ የ377/96 ሒሳብ ነው አለ። አሁን ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው አንድ ነጥብ ሰባት አምስት ነው። ልዩነቱን በምሳሌ አሳየ፦ በሰዓት 20 ብር የምታገኝ ልጅ በድሮው ሒሳብ ለአንድ የኦቨርታይም ሰዓት 25 ብር፣ በአሁኑ 30 ብር ታገኛለች። በሳምንት ስምንት ሰዓት ከሠራች ልዩነቱ 40 ብር ነው። ማስታወቂያው ላይ የተሳሳተ ቁጥር ካረፈ ያቺ 40 ብር በየሳምንቱ ከኪሷ ትወጣለች አለ።

ነፍሰ ጡርን ትርፍ ሰዓት ማሠራት ሕጉ ራሱ የከለከለው ስለሆነ የየትኛውም ኃላፊ ፈቃድ አይደለም ሲልም ጨመረ። ትርፍ ሰዓት እንዲያው የሚታዘዝ ነገር እንዳልሆነም አስታወሰ። ሌላ አማራጭ ከሌለና እንደ አስቸኳይ ሥራ ያለ ምክንያት ካለ ብቻ ነው፤ ያውም በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የእኛው በቀን ሁለት ሰዓት ስለሆነ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ እንኳ ከጣሪያው አይበልጥም። የዘገየ ጭነት አስቸኳይ ሥራ ይባላል ወይ የሚለውን ግን እሱም አልቆረጠም። ከማኅበራችሁ ጋር ይነጋገሩበት ብሎ ተወው።

9ኛው የአባትየው ምላሽ ነበር። አዋጁ መቀየሩን አለማወቃቸውን ተቀበሉ። ግን በልጅ አፍ መገሰጻቸው ከፍቷቸዋል። 10ኛው ላይ አንዲት እህት ጋሼን እንዲህ መናገር አይገባም፣ ቢያንስ ክፍያው ይጻፍ የሚለውን ያመጡት እሳቸው ናቸው ብላ አረጋጋች። እውነቷን ነው። እሳቸው ባያነሱት እኔ የክፍያ መስመር አልጽፍም ነበር፤ ስህተቱም ሳይለጠፍ እዚሁ ታረመ።

11ኛው በአንዲት ቁጥር ላይ ብቻ ነው ያተኮረው፤ 6፡40 ላይ። ሥራ አስኪያጃችን ከውጭ ደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ ስለሚውሉ አንዳንዴ ሰዓት በፈረንጅ ይጠራሉ። እኔም እንደሰማሁት ጽፌዋለሁ። መላሹ የሰርቪስ ሹፌር ነው። ጠዋት 6፡40 የሚባል ሰዓት የለም፣ ለእኛ 6፡40 የምሳ ሰዓት ነው አለ። ሹፌሩ ይገባው ይሆናል። አዲስ የገባችው ልጅ ግን እስካሁን 1፡00 የምትሳፈርበት ቦታ በዚያው በ1፡00 ትመጣለች፤ መኪናው ደግሞ 12፡40 ሄዷል። ስለዚህ አዲሱን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የድሮውንም አጠገቡ ጻፊ አለኝ። 1፡00 የነበረው 12፡40 ሆኗል ሲባል ሰው ለውጡን ያየዋል። የሥራ መግቢያው አለመቀየሩንም እንድጨምር መከረኝ። አለበለዚያ ሰርቪስ ከቀደመ ሥራም ቀደመ ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም።

12ኛው ዱባይ ሆቴል ውስጥ ከሚሠራ ወንድም ነው። እነሱ ጋ ማስታወቂያ በብዙ ቋንቋ ስለሚለጠፍ እኔም ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር እንድጽፍ፣ ቀኑንም እንዲሁ እንዳደርግ መከረ። ከምክሩ ግማሹ ጠቅሞኛል። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ብዙ ስለሆኑ በሁለት ቋንቋ መውጣቱ ግድ ነበር፤ እኔ ግን ነገ አስተረጉመዋለሁ ብዬ አሳድሬው ነበር። የሁለት አቆጣጠሩን ነገር ግን ሹፌሩ 13ኛው ላይ ተቃወመው። አንድ ወረቀት ላይ 12፡40 እና 6፡40 ጎን ለጎን ካሉ የቸኮለ ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው፤ የቱን እንደሚይዝ ደግሞ አታውቂም አለ። በቀኑም ያው ነው። መጋቢት 1 በፈረንጅ ማርች 10 ነው። መጋቢትና ማርች አንድ ወር የሚመስለው ሰው ስላለ ማርች 10 ሲያይ መጋቢት 10 ይላል። እኔ ከሹፌሩ ጋር ነኝ። ቦርዱ ላይ አንድ አቆጣጠር ይበቃል።

14ኛው ሁሉንም ነገር ዘግቶ ቦርድ የሚባል ነገር ሞቷል አለ። በቴሌግራም ግሩፕ ልቀቂውና ተኚ አለኝ። 15ኛው ቆጣ ብሎ መለሰለት። የእሱ እናት ስፌት ላይ ናቸው፤ የያዙት ስልክ ለመደወል ብቻ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ብቻ የተለቀቀ ነገር ለእሳቸው አልተነገረም ማለት ነው አለ። በዚህ መሀል ወሬው ወደ ኢንተርኔት ዋጋ፣ ከዚያ ወደ ስልክ ዋጋ፣ ከዚያ ስልክ ተሰርቆበት ወደ ነበረ ሰው ሄደ። 16ኛውና 17ኛው ሙሉ በሙሉ ስለዚያ ስለ ስልክ ናቸው። እኔ ከ14ኛው የወሰድኩት አንድ ነገር አለ፦ ሰው የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይልካል። ፎቶው ከቦርዱ ይርቃል፣ ቀናትም ያልፉበታል። ስለዚህ የፊታችን ሰኞ የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ መቅረት የለበትም። ሐሙስ ለጻፍኩት ለእኔ የፊታችን ሰኞ መጋቢት 1 ነው። ፎቶው ማክሰኞ ለደረሰው ሰው ግን መጋቢት 8 ነው። ነገ፣ በቀጣይ ሳምንት፣ በዚህ ወር የሚሉት ሁሉ ንግግር ላይ ይሠራሉ፤ ወረቀት ላይ ያረጃሉ።

18ኛዋ ያነሳችው ነገር እኔም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ከዚያ በፊት የመለሱት ሁሉ ያላሰብነው ነው። ወሩ ረመዳን ነው። ኦቨርታይሙ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው መሀል ላይ ነው። ሙስሊም ሠራተኞች የሚያፈጥሩት ማሽን ላይ ሆነው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። በትሕትና ነው የጠየቀችው፤ እኔ ግን አፈርኩ። ስድስቱንም ገጽ አገላበጥኩ። የለም። አልተነገረም።

እዚህ ላይ መላሾቹ ለሁለት ተከፈሉ። 19ኛው ግማሽ ሰዓት እረፍት አለ ብለሽ ጻፊ፣ ማንም አይቃወምም አለ። 20ኛው ላይ እኚያ ጡረተኛ እናት ተመልሰው መጡ። በዚህ ነገር በጣም ቆፍጣና ሆኑ። ያልተባለ ነገር ጥሩ ቢሆንም አይጻፍም አሉ። ጸሐፊ ያልተወሰነ እረፍት ከሰጠች ሰኞ ማታ ሱፐርቫይዘሩ ሲከለክል የምትጣላው ወረቀቱን ካመነችው ልጅ ጋር ነው። ባዶ ቦታውን ይዘሽ ግቢ፣ ካልሞላልሽ መቼ እንደሚሞላ አስጽፊ አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ገባሁ። የያዝኩት አራት ጥያቄ ነበር። ኦቨርታይሙ እስከ መቼ ነው? እስከ ሐሙስ መጋቢት 25 አሉ። የትኞቹ ቀናት? ከሰኞ እስከ ሐሙስ። ቦነሱ ይጻፍ? ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ዝም አሉና እሱ ገና ነው፣ አውጪው አሉ። የኢፍጣሩን ነገር ስጠይቃቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እንዳላሰቡበት ነገሩኝ። ከምርት ክፍሉ ጋር ተነጋግረው ቅዳሜ እንደሚያሳውቁ ቃል ገቡ። አራቱም ጥያቄ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ አዲሱን ጽፌ ጥበቃው ጋ ወሰድኩት። ይሄም የእናትየው ምክር ነው፤ ስብሰባው ላይ ላልነበረ ሰው አስነብቢው፣ ገባህ ወይ ብለሽ ግን አትጠይቂው፣ ሁሉም ገብቶኛል ነው የሚልሽ፤ ሰኞ ስንት ሰዓት ትሳፈራለህ በይው ብለውኝ ነበር። ጥበቃው 12፡40 አለኝ ሳያመነታ። ኦቨርታይሙ መቼ ያልቃል ስለው ወረቀቱን እንደገና አየና 25 ራሱ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። እስከ መጋቢት 25 ብቻ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሁለት ቃል ጨመርኩ። የተለጠፈው ይሄ ነው፦

ማስታወቂያ
ለስፌት ክፍል ሠራተኞች በሙሉ

ሰርቪስ፦ ከሰኞ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ጠዋት 12፡40 ይነሳል። እስካሁን 1፡00 ነበር። የሥራ መግቢያ አልተቀየረም፤ 2፡00 ነው።

ኦቨርታይም፦ ከመጋቢት 1 እስከ መጋቢት 25፣ 25ን ጨምሮ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00። ክፍያው የሰዓቱ ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የመመለሻ ሰርቪስ ምሽት 1፡15 ይነሳል።

ነፍሰ ጡር ሠራተኞች፦ ኦቨርታይም አይሠሩም። በተለመደው የ11፡15 ሰርቪስ ይሄዳሉ።

የኢፍጣር ሰዓት፦ ቅዳሜ የካቲት 29 በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፋል።

ጥያቄ ካለ፦ የሰው ሀብት ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት ከ6፡00 እስከ 7፡00።

የተለጠፈበት ቀን የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም።

ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ፊርማና ማኅተም አለ። ይሄን ፎቶ አንስቼ መድረኩ ላይ ሳስቀምጥ 3ኛው መላሽ እንደገና ቆጠረው። ከ45 ቃል በላይ ሆኗል፤ ከመጀመሪያው ረዝሟል አለ። ግን ከቦርድ ፊት ለመነሳት የሚፈጀው ጊዜ አጥሯል ብሎ አጸደቀው። ሰው ሙሉውን አያነብም፤ የሚመለከተውን ራስ ፈልጎ እሱን አንብቦ ይሄዳል። እኔን የገረመኝም ይሄ ነው። ሳሳጥር የጣልኩት ሁሉ ተመልሶ ገብቶ፣ ጽሑፉን ያስረዘመው ጭራሽ ወጥቶ ነው ልኩ የመጣው።

ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች የእጅ ሥራ ነገሮች ናቸው። 22ኛው ፊደሉ በ12 ቁጥር መጻፉን ከፎቶው ላይ አይቶ ወደ 20 ከፍ እንዳደርገው ነገረኝ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ ባለው ትከሻ ላይ ነው የሚያነበው። 23ኛዋ ቦርዱ ላይ ካለፈው ዓመት የቆየ የሰርቪስ ወረቀት ካለ አንሺው አለችኝ። ነበረ። ከጎኑ፣ በዚያው ማኅተም፣ 1፡00 ይላል። ባላነሳው ሰኞ ጠዋት ሁለት ማኅተም ያላቸው ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር።

አንድ ነገር ላይ እስካሁን አልተስማማንም። 24ኛው መላሽ ምክንያቱ መጻፍ አለበት ባይ ነው። ኮንቴይነሩ ስለዘገየ የሚል አንድ መስመር ቢኖር ሰው ኦቨርታይሙን በደስታ ይቀበላል አለ። እናትየው አይሆንም አሉ። ምክንያት ቦርድ ላይ ሲወጣ መከራከሪያ ይሆናል፤ ካፍቴሪያ ውስጥ ተነግሯል፣ ይበቃል። የማኅበሩ ተወካይ ደግሞ ከ24ኛው ጋር ሆነ። የትርፍ ሰዓት ምክንያት ራሱ የሕግ ጉዳይ ስለሆነ ተጽፎ መገኘቱ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ይጠቅማል አለ። እኔ ስለጥፍ ምክንያቱን አልጻፍኩም። አሁን ግን ወደ ተወካዩ አዘንብያለሁ። ስብሰባው ዕለት ፈቃድ ላይ የነበሩ ልጆች አሉ፤ እነሱ ኮንቴይነር የሚባል ነገር አልሰሙም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ወረቀት ወጣ። ለሚያፈጥሩ ከ12፡30 እስከ 1፡00 ማሽን ይቆማል፤ የግማሽ ሰዓቱ ክፍያ አይቀነስም። ይሄንም መድረኩ ላይ አሳወቅሁ። 18ኛዋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያልሽኝን ለእህቶቼ እነግራለሁ ብላ እንደጻፈች አየሁ። ከሥሯ 29ኛው ሌላ ጥያቄ ይዞ ገብቷል፦ የማያፈጥሩትስ በዚያ ግማሽ ሰዓት ይሠራሉ ወይስ አብረው ያርፋሉ? ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ለሚያፈጥሩ ይላል፣ ማሽን ይቆማልም ይላል። ሰኞ ጠዋት 2፡00 ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ነኝ።